በክረምት ወራት የመንገድ ሥራ ሪፖርት «ዝናብ» የሚለው ምክንያት፦ የአሶሳ አካባቢ ማሳያ

በአሶሳ አካባቢ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ፣ የመንገድ ተቋራጭ የክረምቱን ዕቅድ ሲያወጣ የዝናብ ቀናትን አስቀድሞ መቀነስ ይጠበቅበታል። ይህ ተደርጎ ሳለ የሐምሌ ወር ሪፖርት የዕቅድና የክንውንን ልዩነት በጅምላ «በዝናብ ምክንያት» ካለ፣ ያው ዝናብ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው።

ለማሳያ ያህል፣ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መስመር ለሐምሌ 10 የሥራ ቀናት፣ በቀን 800 ሜትር ኩብ የአፈር ሙሌት ታቅዶ ነበር እንበል። ከ8,000 ሜትር ኩብ የተከናወነው 4,800 ነው። የሳይቱ የዕለት መዝገብ ሲታይ የተሠራው 8 ቀን፣ በቀን በአማካይ 600 ሜትር ኩብ ሆኖ ይገኛል። የጠፉት 2 ቀናት የ1,600 ሜትር ኩብ ጉድለት ያስረዳሉ፤ ቀሪው 1,600 ግን ሥራ በተሠራባቸው ቀናት የታጣ ምርት ነው። የዚህ መንስኤ መፈለግ ያለበት በመሣሪያ መዝገብ ነው፤ ብዙ ጊዜም በብልሽት ወይም በነዳጅ እጥረት የቆሙ ገልባጭ መኪናዎች ይገኙበታል።

ሁለቱ ቀናትም በዝናብ መለኪያ ንባብ ብቻ አይዳኙም። ዝናብ ባልጣለበት ማግስት እንኳ ከልክ በላይ የራሰ ሸክላማ አፈር በሚፈለገው መጠን አይጠቀጠቅምና፣ የእርጥበት ምርመራው ውጤት አብሮ ይያያዛል። በፊዲክ ውሎች በአየር ጠባይ ምክንያት የጊዜ ማራዘሚያ የሚያስገኘው ከተለመደው የተለየ አስቸጋሪ ሁኔታ ነው፤ ሁሉን በዝናብ ያሳበበ ተቋራጭ በእውነት የሚገባውን ቀን እንኳ ለአማካሪ መሐንዲሱ ማስረዳት ይሳነዋል።