የፌስቡክ አካውንት ከመሰረዙ አስቀድሞ ውክልናን ስለ መሻር

ሱቁን ዘግቶ ወደ ሌላ ሥፍራ የሚዛወር ነጋዴ አስቀድሞ የሰጠውን ውክልና ይሽራል፤ ቁልፍ ከያዘውም ሠራተኛ ቁልፉን ይረከባል። የፌስቡክ አካውንትም እንደዚሁ ነው። በፌስቡክ አማካይነት ወደ ሌላ ድርጅት አፕሊኬሽን በገባን ጊዜ፣ ያ ድርጅት ስማችንን፣ ፎቶግራፋችንን፣ አብዛኛውን ጊዜም የኢሜይል አድራሻችንን እንዲያይ ፈቅደንለታል ማለት ነው።

አሠሪዬ ባለፈው ዓመት ሁለቱን አካውንቶቻቸውን ወደ አንድ ለማጠቃለል ፈልገው አሮጌውን እንድሰርዝ አዘዙኝ። ከመሰረዜ በፊት Settings ከፍቼ Apps and websites የሚለውን ብመለከት አራት ስሞች ተዘርዝረው አገኘሁ። ሦስቱ ከተረሱ ብዙ ጊዜ የሆናቸው ጨዋታዎች ስለ ነበሩ Remove በሚለው ወዲያው ሻርኋቸው። አራተኛው ግን የዋጋ ዝርዝራችንና የማስታወቂያ ሥዕሎቻችን የሚዘጋጁበት ነበር፤ ወደ እርሱም የምንገባው በዚያው በአሮጌው አካውንት ብቻ ነው። አካውንቱን አስቀድሜ ሰርዤው ቢሆን ኖሮ የሦስት ዓመት ሥራችን በተዘጋ በር ውስጥ በቀረ ነበር። ስለዚህ በአፕሊኬሽኑ ውስጥ የቢሮውን ኢሜይልና የይለፍ ቃል አስመዘገብሁ፤ ከወጣሁም በኋላ በአዲሱ መንገድ ተመልሼ መግባቴን አረጋገጥሁ፤ ከዚያም ፈቃዱን ሻርሁ።

ነጋዴ ሊዘነጋው የማይገባ ሁለተኛ ዝርዝር አለ፤ ይኸውም Business integrations የሚባለው ነው። የንግድ ገጽን ወይም ማስታወቂያን የሚያስተዳድሩ አፕሊኬሽኖች የሚገኙት በዚህ ነው። እኛም ከአንድ ዓመት በፊት ውሉ ያበቃ የማስታወቂያ ሠራተኛ ይጠቀምበት የነበረውን መሣሪያ በሥራ ላይ እንዳለ አገኘነው። የንግድ ገጹም ሙሉ ሥልጣን በሚሰረዘው አካውንት ብቻ የተያዘ ከሆነ ገጹ አብሮ ስለሚጠፋ፣ አስቀድሞ ለሌላ የታመነ ሰው ሙሉ ሥልጣን መስጠት ያስፈልጋል።

ሆኖም መሻር ወደ ፊት የሚወሰደውን ያስቆማል እንጂ የተወሰደውን አያስመልስም። እ.ኤ.አ. በ2018 ፌስቡክ እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች መረጃ ያለ አግባብ ለካምብሪጅ አናሊቲካ ሳይተላለፍ እንዳልቀረ ሲገልጽ፣ መረጃው የተሰበሰበው በአንድ አፕሊኬሽን አማካይነት ነበር። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ያሉትን ስሞች ገና ሳይሻሩ በወረቀት መመዝገብ ይበጃል፤ አስፈላጊ ለሆኑትም የያዙትን መረጃ እንዲያጠፉ በኢሜይል መጠየቅ ይገባል። አካውንቱ ከተሰረዘ በኋላ ዝርዝሩን ከፍቶ ማየት አይቻልም።

ሁለቱም ዝርዝሮች ባዶ መሆናቸው ከታየ በኋላ የመሰረዙ ትእዛዝ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ባለቤቱ ተመልሶ በመግባት ስረዛውን ሊሰርዘው ይችላል፤ መረጃው ከፌስቡክ መዝገብ ተጠርጎ እስኪወጣ ግን የስረዛው ሂደት ከጀመረ በኋላ እስከ 90 ቀን ሊፈጅ ይችላል። እኛም እነዚያን 30 ቀናት የተጠቀምንባቸው የተረሳ ነገር እንዳለ ለማየት ነበር፤ የዋጋ ዝርዝራችን በአዲሱ ቁልፍ በየቀኑ ሲከፈት ስላየን አሮጌውን ያለ ሥጋት አሰናበትነው።