የካርቱም ዝናብ በኤክሴል፦ የሂስቶግራም እርከን ስንት ይስፋ?

ካርቱም ውስጥ ዐማራት ሰፈር የኖረ ሰው የከተማዋን ዝናብ ጠባይ ያውቃል። አብዛኛው ወር ደረቅ ነው፤ ክረምት ላይ ግን በጥቂት ወራት የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ይወርዳል። ቁጥሮች እንዲህ ባንድ ወገን ሲታጨቁ ኤክሴል ብቻውን የሚያወጣው ሥዕል ብዙ ነገር ይደብቃል።

ሂስቶግራም ማለት ቁጥሮችን በእርከን ከፍሎ፣ በየእርከኑ ስንት እንደገቡ በዓምድ ቁመት የሚያሳይ ሥዕል ነው። በፈረንጆች ከ1971 እስከ 2000 የተለካው የካርቱም ወርሃዊ አማካይ ዝናብ፣ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር በሚሊሜትር፣ እነሆ፦

```
0, 0, 0.1, 0, 3.9, 4.2, 29.6, 48.3, 26.7, 7.8, 0.7, 0
```

ከ`B2` እስከ `B13` ወደ ታች ይጻፏቸው። በ2016 እና ከዚያ በኋላ በወጣው ኤክሴል `Insert` ውስጥ `Histogram` አለ። ስፋቱን ራሱ ሲመርጥ ወደ 24 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ዘጠኙ ወር አንድ ዓምድ ውስጥ ይገባል። ለምን? ስፋቱን የሚያሰላው ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደራቁ አይቶ ነው፤ የኦገስት 48.3 ደግሞ ያንን ርቀት ይለጥጠዋል።

ታዲያ ቢጠብስ? አግድሙን መስመር ሁለቴ ተጭነው `Bin width` ላይ 1 ቢጽፉ 49 እርከን ይወጣል፤ 42ቱ ባዶ ናቸው። አንዱ ዓምድ ሁሉን ከዋጠ ሰፍቷል፣ ባዶው ከበዛ ጠቧል ማለት ነው። እዚህ ግን እኩል ስፋት ሁለቱንም ችግር አይፈታም፤ ታች ጠባብ፣ ላይ ሰፊ እርከን ያስፈልጋል።

ይህ የሥዕል ዓይነት እኩል ያልሆነ ስፋት ስለማይቀበል ቆጠራውን በቀመር እንሥራ። ከ`D2` እስከ `D7` የእርከኖቹን የላይ ጫፍ ይጻፉ፦ 0, 1, 5, 10, 30, 50። `E2` ላይ፦

```
=FREQUENCY(B2:B13,D2:D7)
```

በቆየ ኤክሴል ከ`E2` እስከ `E8` መርጠው ቀመሩን ይጻፉና `Ctrl+Shift+Enter` ይጫኑ። ውጤቱ 4, 2, 2, 1, 2, 1, 0 ነው። የመጨረሻው ዜሮ ከ50 በላይ የሆነ ወር የለም ማለት ነው። ነጻው ሊብረኦፊስ ካልክም ይህንኑ ቀመር ስለሚያውቅ ለፕሮግራም ገንዘብ ማውጣት ግድ አይደለም።

አሁን ጥንቃቄ። ከ0 እስከ 1 ሁለት ወር፣ ከ10 እስከ 30ም ሁለት ወር ገብቷል፤ ሁለተኛው እርከን ግን ሃያ እጥፍ ይሰፋል። በቁጥሩ ብቻ ከተሣለ እኩል ይመስላሉ። ስለዚህ `F3` ላይ ለስፋቱ አካፍለው እስከ `F7` ወደ ታች ይጎትቱት፦

```
=E3/(D3-D2)
```

2, 0.5, 0.2, 0.1 እና 0.05 ይወጣል፤ በተራ የዓምድ ሥዕል የሚሣለው ይህ ነው። አራቱ ፍጹም ደረቅ ወራት ስፋት ስለሌላቸው ለብቻቸው በጽሑፍ ይጠቀሱ።

እርከኑን በራስ የመምረጥ ዋጋው ምንድን ነው? ጫፎቹን የመረጡት እርስዎ ስለሆኑ ከሥዕሉ ሥር መጻፍ አለብዎት። 5ን ወደ 4 ዝቅ ቢያደርጉ 0.5 እና 0.2 የነበሩት ሁለቱም 0.33 ይሆናሉ። በ12 ቁጥር ላይ የሚታመነው አጠቃላዩ ቁልቁለት ነው፤ የእያንዳንዱን ዓምድ ልክ አጥብቀው አይያዙት።