የሌለበትን ክፍል ሳይከፍቱ ማለፍ

ሉሲን የተባለው የፍለጋ ሶፍትዌር ማውጫውን በብዙ ክፍሎች ከፋፍሎ ያስቀምጣል። አንድ የደረሰኝ ቁጥር ሲፈለግ፣ ቁጥሩ ያለው በአንዱ ብቻ ቢሆንም 30ውንም ክፍል መፈተሽ ሊያስፈልግ ነው። በርተን ብሉም በ1970 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ማጣሪያ ይህን ድካም ያስቀራል።

ለየክፍሉ በ0 የተሞላ የቢት ረድፍ ይዘጋጃል፤ እያንዳንዱ ቃል በ7 የሃሽ ስሌቶች አልፎ 7 ቦታዎችን 1 ያደርጋል። በፍለጋ ጊዜ የሚታዩት የተፈለገው ቃል 7 ቦታዎች ናቸው። አንዱ እንኳ 0 ከሆነ ቃሉ እዚያ በፍጹም ስለሌለ ክፍሉ ይታለፋል። ሁሉም 1 ከሆኑ ግን ሌሎች ቃላት ሞልተዋቸው ሊሆን ስለሚችል ክፍሉን ከፍቶ ማረጋገጥ ግድ ነው። ለአንድ ቃል 10 ቢት ከተመደበ፣ እንዲህ ያለው የሐሰት ጥቆማ 1 በመቶ ገደማ ነው። በየክፍሉ ለሚገኝ የተለመደ ቃል ግን የሚዘለል ነገር ስለሌለ ማጣሪያው ሜሞሪ ያባክናል።