አዲስ የኢሜይል ማጣሪያን በጥቂት መልእክት ስለ መፈተን

በጂሜይል ርእሳቸው «ሴሚናር» የሚል ቃል የያዙ መልእክቶችን ከገቢ ሳጥን የሚያነሣ ማጣሪያ ልናወጣ ነው እንበል። አስቀድመን የሁለት ሳምንቱን ብቻ እንፈልግ፦

```
subject:ሴሚናር newer_than:14d
```

ከተገኙት 20 መልእክቶች ሁለቱ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ቀጠሮ መለወጡን የሚነግሩ ቢሆኑ፣ ደንቡ ከሚገባው በላይ ሰፍቷል፤ የላኪውን አድራሻ ጨምረን እናጥብበው። ያም ሆኖ ለመጀመሪያው ሳምንት ማጣሪያው «ሙከራ» የሚል መለያ ብቻ ይለጥፍ እንጂ መልእክቱን ከሳጥኑ አያንሣ። ስሕተቱ ዐይናችን ሥር እንዳለ ይታየናል።

ማንሣት ከጀመረ በኋላ ቢስትስ? ብዙዎች ማጣሪያውን ሰርዘው ያበቃ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ቀድሞ የተነሣው መልእክት በዚያው ይቀራል። ማጣሪያው ከተሰረዘ በኋላ `label:ሙከራ` ብለን ፈልገን፣ የተገኘውን ሁሉ ወደ ገቢ ሳጥን መመለስ አለብን። መለያውን የለጠፍነውም ለዚሁ ነበር። መልእክት የሚሰርዝ ደንብ ከሆነ ግን እንቸኩል፤ መጣያው የሚያቆየው 30 ቀን ነው።