አውቶቡስ አመለጠኝ፦ በትርጉም ልምምድ የግሡን ባለቤት መፈለግ

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መተርጎም የሚለማመድ ሰው አስቸጋሪው ነገር የማያውቀው ቃል ይመስለዋል። የማያውቀውን ቃል ግን መዝገበ ቃላት ገልጦ ያገኘዋል። የባሰ የሚያሳስቱት እያንዳንዱን ቃል የሚያውቃቸው አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ «ራበኝ»፣ «ስልኬ ጠፋብኝ»፣ «አውቶቡስ አመለጠኝ» የሚሉትን የመሰሉ። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ሰው ነው፤ በሦስቱም ግን ሰውየው የግሡ ባለቤት አይደለም። አማርኛ በግሡ ጫፍ ላይ፣ «-ኝ» ወይም «-ብኝ» በምትለው ቅጥያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እንግሊዝኛ ይህንኑ ሰው ከፊት አውጥቶ ባለቤት ያደርገዋል። ስለዚህ ቃሉን በቃል የሚለውጥ ተርጓሚ አንድም ቃል ሳይስት ዐረፍተ ነገሩን ሊያበላሽ ይችላል።

ይህን አንድ ልዩነት ጠንቅቆ የያዘ ሰው ትርጉሙ በአጭር ጊዜ የሰው ንግግር ይመስላል። ሁለቱ ቋንቋዎች የት የት እንደሚለያዩ በምሳሌ እንይ፤ ከዚያ ልምምዱን ደረጃ በደረጃ እንሠራለን።

የሚሰማን ነገር

«ራበኝ» ስንል ረሃቡ ያገኘው እኔን ነው፤ «-ኝ» እኔን ነው የምታሳየው። አድራጊው በስም አይጠራም። እንግሊዝኛ ግን «አይ አም ሃንግሪ» ይላል፤ ባለቤቱ «እኔ» ነው። ይህን እንደ ወረደ ወደ አማርኛ የመለሰ ሰው «እኔ ረሃብተኛ ነኝ» ይላል፤ አድማጩም የሚገባው ምሳ ሰዓት መድረሱ ሳይሆን ሰውየው በችጋር ላይ መሆኑ ነው። «ጠማኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ገባኝ» ሁሉም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። «ራሴን አመመኝ» የሚለው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል፤ ራስም «-ን» ይዞ ተሳቢ ሆኗል፣ እኔም በ«-ኝ» ተሳቢ ሆኛለሁ። እንግሊዝኛው «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ» ብሎ እኔን ባለቤት፣ ሕመሙን ንብረት ያደርጋል።

እዚህ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ፤ እሱም ጊዜው ነው። «ራበኝ» እና «ደከመኝ» በቅርጻቸው ያለፈ ጊዜ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን አሁን ስላለው ነገር ነው። ተማሪው ቅርጹን ብቻ አይቶ «አይ ዎዝ ሃንግሪ» ብሎ ከጻፈ፣ እንግሊዝኛ አንባቢ ረሃቡ ቀደም ብሎ እንደነበር አድርጎ ይረዳዋል። ያ ደግሞ በአማርኛ «ርቦኝ ነበር» የምንለው ነው። «መጣሁ» የምትለው ቃልም እንዲሁ ናት። ከሌላ ክፍል የተጠራ ሰው «መጣሁ» ቢል «አም ካሚንግ» ማለቱ ነው፤ ከእንግዳው ፊት ተነሥቶ ወደ ጓዳ የሚገባ ሰው «መጣሁ» ቢል ደግሞ «አይል ቢ ራይት ባክ» ማለቱ ነው። ቅርጹ አንድ ሆኖ እንግሊዝኛው ሁለት ቦታ ይለያያል፤ ሁለቱም ያለፈ ጊዜ አይደሉም።

የጠፋ፣ ያመለጠ፣ የናፈቀ

«ስልኬ ጠፋብኝ» ውስጥ ባለቤቱ ስልኩ ነው። «-ብኝ» የምትለው ደግሞ ነገሩ የተጎዳሁበት መሆኑን ትነግራለች። እንግሊዝኛ «አይ ሎስት ማይ ፎን» ይላል፤ ይህን ቀጥታ የመለሰ ሰው «ስልኬን አጠፋሁ» ይላል። አማርኛ ሰሚ ይህን የሚረዳው ስልኩን ዘጋው ብሎ ነው። በቃላቱ ላይ ስሕተት የለም፤ የተሳተው ማን ምን ላይ ምን እንዳደረገ ነው።

ይህችው «-ብኝ» ወደ እንግሊዝኛ ስትሻገር ምን እንደምትሆን ለማየት «አባቱ ሞተበት» የሚለውን ውሰዱ። «ሂዝ ፋዘር ዳይድ» ስሕተት አይደለም፤ ግን ሐዘኑ የደረሰው በልጁ ላይ መሆኑን የምትናገረዋ «-በት» ቀርታለች። «ሂ ሎስት ሂዝ ፋዘር» ስንል ልጁ ወደ ፊት መጥቶ ባለቤት ይሆናል፣ ጉዳቱም አብሮት ይመጣል። አማርኛው በቅጥያ የተናገረውን እንግሊዝኛ በግሥ ምርጫ ይናገረዋል።

በእንግሊዝኛ «ሚስ» የሚባለው ግሥ ለልምምድ በጣም ይጠቅማል፤ አማርኛ ሦስት ቦታ ይከፍለዋልና። አውቶቡስ ከሆነ «አመለጠኝ» እንላለን፤ ባለቤቱ አውቶቡሱ ነው። ሰው ከሆነ «ናፈቀኝ» እንላለን፤ ባለቤቱ የተናፈቀው ሰው ነው። ትምህርት ከሆነ «ቀረሁ» እንላለን፤ እዚህ ላይ ባለቤቱ ራሴ ነኝ። «አይ ሚስ ዩ» ለወንድ «ናፍቀኸኛል»፣ ለሴት «ናፍቀሽኛል»፣ ለሚከበር ሰው «ናፍቀውኛል» ይሆናል። «እናቱን ይናፍቃል»፣ «አገሩን ናፈቀ» የሚል አነጋገርም እንዳለ መዘንጋት አይገባም፤ በዚያ ናፋቂው ባለቤት ነው። ስለዚህ «ናፈቅሁህ» ብቻውን ሲቀመጥ ማን ማንን እንደናፈቀ ሊያደናግር ይችላል፤ ለተራ የናፍቆት ቃል «ናፍቀኸኛል» ግልጽ ነው።

ልምምዱ እንዴት ይሠራል?

ከሦስት እስከ አምስት ዐረፍተ ነገር ያለው አጭር ጽሑፍ ይበቃል። መጀመሪያ በእያንዳንዱ ግሥ ሥር ይሰመርና «ማን? ማንን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱ በጎን ይጻፋል። ቀጥሎ የመጀመሪያው ጽሑፍ ይከደንና፣ ነገሩ ለአንድ ለሚያውቁት ሰው እንደሚነገር ሆኖ በሁለተኛው ቋንቋ ጮክ ተብሎ ይነገራል። የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። በማግስቱ የተጻፈው ብቻ ይወሰድና፣ የመጀመሪያው ሳይታይ ወደ መነሻው ቋንቋ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ይነበባሉ። ቃላቱ ቢለያዩ አያሳስብም። ማን እንዳደረገ፣ መቼ እንደሆነ፣ ማን እንደተጎዳ ወይም እንደተጠቀመ ከተለወጠ ግን ትርጉሙ ይታረማል።

አሁን ይህን መልእክት እንውሰድ። «ትናንት አውቶቡስ አመለጠኝ። በእግሬ ስሄድ ዝናብ ያዘኝ። ዛሬ ራሴን ያመኛል፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤት ቀረሁ።» በጎን የምንጽፈው እንዲህ ነው፦ ያመለጠው አውቶቡሱ፣ የያዘው ዝናቡ፣ የሚያመው ያልተጠራ አድራጊ፣ የቀረሁት እኔ። አራት ዋና ግሥ፣ አራት የተለያየ ባለቤት። አማርኛ አንባቢ ግን አይደናገርም፤ «-ኝ» እየደጋገመች ታሪኩ የእኔ መሆኑን ታሳስበዋለች።

እንግሊዝኛው አራቱንም ለአንድ ሰው ይሰጣል። «አይ ሚስድ ዘ ባስ የስተርዴይ ኤንድ ጋት ኮት ኢን ዘ ሬይን ዋይል ዎኪንግ። አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ ቱዴይ፣ ሶ አይ ስቴይድ ሆም ፍሮም ስኩል።» «ዝናብ ያዘኝ» የሚለው «ሬይን ኮት ሚ» አልሆነም፤ እንግሊዝኛ ሰውየውን ባለቤት አድርጎ ግሡን ወደ ተደራጊ ቅርጽ ለውጦታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዐረፍተ ነገሮችም ባለቤታቸው አንድ ስለሆነ ተገጣጥመዋል።

ወደ ሌላው አቅጣጫ ስንሄድ፣ እንግሊዝኛው ስለ አንዲት እኅት ይናገራል እንበል፤ ተጨንቃ ነበር፣ ጓደኛ አዲስ ሥራ አገኘላት፣ አሁን ደስተኛ ናት። እንደ ወረደ የተተረጎመው እንዲህ ይነበባል፦ «እኅቴ የተጨነቀች ነበረች። ግን አንድ ጓደኛ ለእሷ አዲስ ሥራ አገኘ። እሷ አሁን ደስተኛ ናት።» ሰዋስው አልፈረሰም፤ ግን አማርኛ ተናጋሪ እንዲህ አይናገርም። ሲታረም «እኅቴ ጨንቋት ነበር። ጓደኛዋ አዲስ ሥራ አገኘችላት። አሁን ደስ ብሏታል።» ይሆናል።

የተለወጠውን አንድ በአንድ እንይ። «የተጨነቀች ነበረች» የነበረው «ጨንቋት ነበር» ሆነ፤ ጭንቀቱ እሷን እንዳገኛት ይናገራል። «ለእሷ አገኘ» በ«-ላት» ግሡ ውስጥ ገባ፤ «-ብኝ» ጉዳትን እንደምትነግር ሁሉ «-ላት» ጥቅምን ትነግራለች። «እሷ» ወጣች፤ ግሡ ባለቤቱን ወይም ተጠቃሚውን ስለሚያሳይ ተውላጠ ስሙን መደጋገም አያስፈልግም። «አንድ ጓደኛ»ም «ጓደኛዋ» ሆነ። «ደስተኛ ናት» የሰውን ጠባይ ለመንገር ይመቻል፤ ከአንድ ነገር የተነሣ የመጣን ደስታ ግን «ደስ ብሏታል» ይበልጥ ይገልጸዋል።

እዚህ ላይ እንግሊዝኛው የማይሰጠው አንድ ነገር አለ። የጓደኛዋን ጾታ አይናገርም፤ አማርኛው ግን «አገኘላት» ወይም «አገኘችላት» ማለት ይኖርበታል። «ዩ» ሲመጣም «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ወይም «እናንተ» ከሚሉት መምረጥ ግድ ነው። ተርጓሚው ከቀረው ጽሑፍ ፍንጭ ይፈልጋል። ፍንጭ ከሌለ ጸሐፊውን ይጠይቃል፤ መጠየቅ ካልቻለ ዐረፍተ ነገሩን ጾታ በማይፈልግ መንገድ ያዞረዋል፤ ለምሳሌ «በጓደኛዋ በኩል አዲስ ሥራ አገኘች»።

በራስ ላይ የሚታዩ ምልክቶች

የተጻፈ አማርኛ ላይ «እኔ»፣ «እሷ»፣ «እሱ» በየዐረፍተ ነገሩ መግቢያ ከበዙ፣ «አንድ» የምትለው ቃል ያለ ቁጥር ፍላጎት ከተደጋገመች፣ ስሜትን የሚናገረው ሁሉ «-ተኛ ነኝ» ወይም «የተ… ነበር» እያለ ካለቀ፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛው አቀማመጥ አለ ማለት ነው። በእንግሊዝኛው በኩል ደግሞ ታሪኩ የአንድ ሰው ሆኖ ሳለ ባለቤቱ በየዐረፍተ ነገሩ ከተቀያየረ፣ አሁን ያለው ስሜትም ባለፈ ጊዜ ቅርጽ ከተጻፈ፣ ከሥሩ አማርኛው አለ።

መዝገበ ቃላት ሲመረጥም ቃሉን ከነዐረፍተ ነገሩ የሚያሳየው ይሻላል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት የእንግሊዝኛውን ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ አማርኛውን ከጎኑ የሚሰጥ ነው፤ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ አማርኛው ጋ ስንት ቦታ እንደሚከፈል ለማየት ይረዳል።

ተፈጥሯዊ አነጋገር መምረጥ ግን ከጽሑፉ ላይ መቀነስ ወይም መጨመር ማለት አይደለም። በመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ ወይም በውል ላይ መጠኑ፣ ጊዜው፣ «ካልሆነ በቀር» የሚለው ቅድመ ሁኔታ አንድም ሳይቀር መሻገር አለባቸው። «ራስዎን ካመመዎት በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ በኋላ ይውሰዱ» የሚል ትርጉም አማርኛው ያማረ ነው፤ እንግሊዝኛው «ከሁለት ጊዜ አይበልጥም» የሚል ከነበረ ግን ትርጉሙ ስቷል። ባለቤቱና ቅጥያው እንደ ቋንቋው ጠባይ ይዘዋወራሉ፤ መልእክቱ ግን ሙሉውን መድረስ አለበት። የማግስቱ መልሶ መተርጎም የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ያማረውን ዐረፍተ ነገር ከትክክለኛው ይለይልናል።