ሆስፒታል የተኛ የመድን ደንበኛ ሰነድ ማቅረቢያ ጊዜ እንዲራዘምለት ሲጠይቅ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ንግድ ሕግ፣ የመድን ደንበኛ የደረሰውን አደጋ ባወቀ በ5 ቀን ውስጥ ለኩባንያው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካጋጠመው ግን መዘግየቱ አይቆጠርበትም። ማሳወቅና ሰነድ ማቅረብ ለየቅል ናቸው። መኪናው ተጋጭቶ እግሩ የተሰበረ ሰው አልጋ ላይ ሳለ፣ አደጋውን ቤተሰቡ ወዲያው ሊያሳውቅለት ይችላል። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የጥገና ዋጋ ግምት ለማቅረብ ግን ጊዜ ያስፈልገዋል።

የማራዘሚያው ደብዳቤ የፖሊሲውን ቁጥር፣ የአደጋውን ቀን፣ የጎደሉትን ሰነዶችና የሚቀርቡበትን ቀን ይገልጻል። «ሲሻለኝ አመጣለሁ» ማለት አይበቃም፤ ኩባንያው ሊቀበለው ወይም ሊከለክለው የሚችለው የተቆረጠ ቀን ነው። ተያይዞ የሚቀርበው የሆስፒታል ማስረጃ ማኅተም ያለበትና ታካሚው የገባበትንና የወጣበትን ቀን የሚያሳይ መሆን አለበት። የሕመም ፈቃድ ወረቀት ብቻውን ሆስፒታል መተኛቱን አያረጋግጥም። ደብዳቤው መድረሱ በቅጂው ላይ በፊርማና በቀን ይረጋገጣል፤ የኩባንያው ፈቃድም በጽሑፍ ይወሰዳል።