የተበላሸ ዕቃ ቅሬታ ደብዳቤ

የተበላሸ ዕቃ ቅሬታ ደብዳቤ ማለት አንድ ሸማች ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለሻጩ መልሶ ገንዘቡን ወይም ምትኩን ለማግኘት የሚጽፈው ማመልከቻ ነው። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ካገኘ፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የተሻለ ዋስትና በውል ተሰጥቶት ከሆነ ያም እንደተጠበቀ ነው። ደብዳቤው የሚጻፈው በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም በንዴት ነው የሚጻፈው።

ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛች አንዲት ሴት በመጀመሪያ እንዲህ ጻፈች እንበል፦

«እናንተ ሰው ማታለል ልማዳችሁ ነው። ባለፈው ሳምንት የሸጣችሁልኝ ምጣድ አንድ ቀን እንኳ ሳልጋግርበት ተሰነጠቀ። ስደውል ስልክ አታነሱም። ወይ ቀይሩልኝ፣ ወይ አሠሩልኝ፣ ወይ ብሬን መልሱ፤ አለዚያ በየሚዲያው አጋልጣችኋለሁ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ጸሐፊዋን በጣም የሚጎዳት ስድቡ ሳይሆን «ተሰነጠቀ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ ምጣዱ ቤት ከገባ በኋላ የሆነን ነገር የሚናገር ይመስላል። ሻጩም ወዲያው «ሳያሟሹ በኃይል አግለውት ነው» ብሎ ይመልሳል፤ አዲስ ሸክላ በድንገት ሲግል ሊሰነጠቅ ስለሚችል መልሱ ሰሚ ያገኛል። ስንጥቁ ካርቶኑ ሲከፈት የነበረ ከሆነ መባል ያለበት «ተሰንጥቆ አገኘሁት» ነው። «ባለፈው ሳምንት» የሚለውም 15 ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር አያሳይም። ሦስት አማራጭ መደርደሩ ደግሞ ምርጫውን ለሻጩ ያስረክባል፤ እሱም የሚመርጠው ለራሱ የሚረክሰውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥገናውን ነው።

ደብዳቤው እንደገና ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ቀን፦ ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ የተሰነጠቀ ምጣድ መልሼ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በደረሰኝ ቁጥር 00312 አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ7,500 ብር ከሱቃችሁ ገዝቻለሁ። በካርቶን እንደታሸገ ተረክቤ፣ በዚያው ዕለት ማታ ቤቴ ስከፍተው ሸክላው ከጠርዙ ወደ መሐል 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ አገኘሁት። ምጣዱ አልተሟሸም፤ ኤሌክትሪክም አልተሰካም። በማግሥቱ ጠዋት ለሱቁ በስልክ አሳውቄያለሁ። የደረሰኙን ቅጂና ሦስት ፎቶግራፎች አያይዣለሁ።

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ምጣዱን መልሼ የከፈልኩት 7,500 ብር እስከ ጥቅምት 14 ቀን እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ምጣዱን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ፤ መጥታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። እስከዚያ ቀን ምላሽ ካላገኘሁ አቤቱታዬን ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ።»

ከሁሉ የሚከብደው ዓረፍተ ነገር «አልተሟሸም» የሚለው ነው። የተሟሸ ምጣድ ጎመን ዘር ወይም ዘይት ስለሚጠጣ ገጹ ይጠቁራል፤ ያልተሟሸው ግን የሸክላውን መልክ እንደያዘ ይቆያል። ስለዚህ ሻጩ መጥቶ ሲያይ አባባሉን በዓይኑ ያረጋግጣል። ከፎቶግራፎቹ አንዱም ስንጥቁን ከነገጹ፣ ሌላው ካርቶኑን ሊያሳይ ይገባል። በእርግጥ ምጣዱ ተሰክቶ ከነበረ ይህ ዓረፍተ ነገር አይጻፍም፤ አንድ ውሸት ከተገኘበት ቀሪው እውነትም አይታመንም።

የቀን ገደቡ ጥቅምት 14 የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። 15 ቀኑ የሚያበቃው ጥቅምት 19 ስለሆነ፣ ሻጩ ዝም ቢል እንኳ ገዢዋ ምጣዱን ይዛ ለመሄድ አምስት ቀን ይቀራታል። ማስጠንቀቂያውም የሚፈጸም መሆን አለበት። «በየሚዲያው» የሚለው ዛቻ ሻጩን ከማስፈራት ይልቅ ያናድዳል፤ የስም ማጥፋት ክርክርም ሊያስከትል ይችላል።

የሚመለሰው ገንዘብ በአብዛኛው ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ነው። ገዢው ከከፈለው ያነሰ ዋጋ ተጽፎ ከሆነ ልዩነቱን የሚያስረዳው የባንክ ወይም የቴሌብር ክፍያ መልእክት ብቻ ሊሆን ይችላል። ዋናው ደረሰኝ ከእጅ አይወጣም፤ ለሻጩ የሚሰጠው ቅጂው ነው። ደብዳቤውም በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ፣ በአንዱ ላይ ሻጩ «ተቀብያለሁ» ብሎ ቀንና ፊርማ ወይም ማኅተም ያሳርፍበታል። አልፈርምም ካለ በአደራ ፖስታ መላክ ወይም በቴሌግራም ልኮ መነበቡን የሚያሳየውን ገጽ ማስቀረት ይቻላል። ምጣዱ ሲመለስም ያለ ርክክብ ወረቀት ሱቅ ውስጥ ትቶ መምጣት ገዢውን ከዕቃውም ከገንዘቡም ሊያስቀረው ይችላል።

15 ቀኑ ካለፈ ጥያቄው ሁሉ አበቃ ማለት አይደለም። የዋስትና ወረቀት ካለ በእርሱ፣ ከሌለም በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሽያጭ ድንጋጌዎች መጠየቅ ይቻላል። ሆኖም ይህም ሕግ ገዢው ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅና ምንነቱን እንዲገልጽ ስለሚፈልግ፣ ቀኑን የጠቀሰው የመጀመሪያው ደብዳቤ እዚያም ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።